ሦስት ሳምንት ዝም ያለው ወጥመድ፦ ኔትዎርካችንን ማን ያንኳኳል?

መክፈቻ

ሰላም ለሁላችሁ። በአንድ የግል ኮሌጅ ውስጥ ኔትዎርኩንም ኮምፒውተሩንም የምጠብቀው እኔ ብቻዬን ነኝ። ሰማንያ ያህል ኮምፒውተሮች፣ ጥቂት ፕሪንተሮችና የጥበቃ ካሜራዎች በአንድ ራውተር ሥር 192.168.88 በሚጀምር አድራሻ ተያይዘዋል። ከመካከላቸው አንዱ ቫይረስ ይዞት ጎረቤቶቹን ማንኳኳት ቢጀምር የማውቅበት መንገድ አልነበረኝም። ስለዚህ ወጥመድ አበጀሁ።

መሳቢያ ውስጥ የቆየች ራስበሪ ፓይ የምትባል ትንሽ ኮምፒውተር አውጥቼ በገመድ ሰካኋትና 192.168.88.240 የሚል ቋሚ አድራሻ ሰጠኋት። ፋይል የላትም፣ ፕሪንተር የላትም፤ ማንም ለሥራ ብሎ ወደሷ የሚሄድበት ምክንያት የለም። የነካት ካለ ወይ ተሳስቷል ወይ እያሰሰ ነው። ዊንዶውስ ፋይል በሚጋራበት 445 ፖርት ላይ ይህችን አጭር ፕሮግራም አስቀመጥኩ፦

```python
import socket, time
s = socket.socket()
s.setsockopt(socket.SOL_SOCKET, socket.SO_REUSEADDR, 1)
s.bind(("0.0.0.0", 445))
s.listen(20)
while True:
    c, a = s.accept()
    print(time.strftime("%F %T"), a[0], a[1], flush=True)
    c.close()
```

የመጣውን ትቀበላለች፣ ሰዓቱንና አድራሻውን ትጽፋለች፣ ትዘጋለች። ሦስት ሳምንት ሙሉ አንድ መስመር አልጻፈችም። ለምክትል ዲኑ ኔትዎርካችን ንጹሕ ነው ብዬ ሪፖርት ከማድረጌ በፊት ራሴ ልፈትናት አልኩ። ስልኬ ላይ ባለ የስካን አፕ ሳንኳኳ ወዲያው መዘገበችኝ። ከላፕቶፔ ኤንማፕ በሚባለው የስካን ፕሮግራም `sudo nmap 192.168.88.240` ብዬ ስሞክር ግን ኤንማፕ 445 ክፍት ነው ብሎ ሲነግረኝ ወጥመዷ ላይ ምንም አልተጻፈም። አንዱን አይታ ሌላውን የማታየው ለምንድን ነው? የሦስት ሳምንቱስ ዝምታ ምን ይባላል?

ከዚህ በታች ያለው በመልሶቹ ውስጥ የተባለው ነው። የውይይቱ ክር ረዝሞ አዲስ የሚገቡ ሰዎች ከመሃል እየጀመሩ ስለተቸገሩ፣ ጠያቂው እኔ በራሴ ቃል በቁጥራቸው ቅደም ተከተል አስቀምጬዋለሁ።

መልስ 1

የመጀመሪያው መላሽ በጣም ጨዋ ሰው ነው። ሙከራውን አመስግኖ ጥፋቱን ላፕቶፔ ላይ ጣለው። በሱ ግምት የላፕቶፔ ፋየርዎል ወይም አንቲቫይረስ የሚወጣውን ፓኬት ስለሚይዘው ወደ ወጥመዷ አይደርስም። አጥፍቼው ደግሜ እንድሞክር መከረኝ። አጠፋሁት፤ ለውጥ የለም። ነገሩንም ስናስበው ፓኬቱ ባይደርስ ኖሮ ኤንማፕ ፖርቱ ክፍት መሆኑን ከየት ያውቃል?

መልስ 2

ቀጥላ የጻፈችው እህት ለብዙ ዓመታት በኔትዎርክ ደህንነት ሥራ ላይ ያለች ናት፤ ከዚህ በኋላ እሷ እያልኩ የምጠራት እሷን ነው። ነገሩን በበር አስረዳችው። አንድ ሰው በር ያንኳኳል፤ ከውስጥ ማነው የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ሰውየው ቤቱ ሰው እንዳለው ካወቀ በቃው፣ ሳይገባ ይሄዳል። የኔ ፕሮግራም የምትጽፈው ገብቶ የተቀመጠውን እንግዳ ብቻ ነው።

በቴክኒኩ ቋንቋ ስትገልጸው፣ ኤንማፕ በ`sudo`፣ ማለት በልዩ ፈቃድ፣ ሲነሣ `SYN` የሚባለውን የመጀመሪያውን ፓኬት ይልካል፣ የፓይዋ ከርነል፣ ማለት የሲስተሟ እምብርት፣ ይመልሳል፣ ላፕቶፑ ደግሞ ሰላምታውን በመጨረስ ፈንታ ያቋርጠዋል። `accept()` የሚነቃው ሦስቱም እርምጃ ሲያልቅ ነው፤ ስለዚህ ፕሮግራሟ ምንም እንዳልተፈጠረ ትቆጥራለች። የስልኩ አፕ ግን ያለ ልዩ ፈቃድ ስለሚሠራ ሙሉውን ግንኙነት ፈጽሞ ነው የሚሞክረው፤ የተመዘገበውም ለዚህ ነው። `sudo` ሳልል ኤንማፕን ባስነሣው ኖሮ ላፕቶፑም ይመዘገብ ነበር። ሞከርኩት፤ እውነት ነው።

መድኃኒቱ ከፕሮግራሙ በታች፣ ከርነሉ ላይ መመዝገብ እንደሆነ ጽፋ ይህችን አንድ መስመር ሰጠችኝ፦

```
iptables -t raw -A PREROUTING -i eth0 -p tcp --syn -j LOG --log-prefix "wetmed: "
```

የተመዘገበው በ`journalctl -k | grep wetmed` ይታያል። ፕሮግራሟንም እንዳላነሳት አሳሰበችኝ። አንዱ ማን እንዳንኳኳ ይነግራል፣ ሌላው የገባው ምን እንዳለ።

መልስ 3

ይሄ የኔ ነው። መስመሩን አስገብቼ ከላፕቶፔ ደግሜ ሳንኳኳ ሎጉ ሺህ ያህል መስመር ተፋ፤ ኤንማፕ ሳይነገረው የሚሞክረው ሺህ ፖርት ነውና። የሦስት ሳምንቱን ዝምታ ሰርዤ ከዚያ ቀን ጀምሬ እንደ አዲስ መቁጠር እንዳለብኝ ጻፍኩ። ለምክትል ዲኑም ምንም ሳልል ቆየሁ።

መልስ 4 እና 5

አራተኛው መላሽ የካሜራዎቹ ነገር አሳስቦታል። በፈረንጆቹ 2016 ሚራይ የተባለው፣ ከመሣሪያ ወደ መሣሪያ ራሱን የሚያስተላልፍ ዎርም በቴልኔት፣ በ23 እና በ2323 ፖርት፣ ከፋብሪካ የመጡ የይለፍ ቃሎችን እየሞከረ ካሜራዎችንና ራውተሮችን እንዴት በብዛት እንደያዘ አስታወሰን። ወጥመዷ በ23 ላይ ብታዳምጥ የተያዘ ካሜራ ራሱን ያጋልጣል አለ። በጣም እርግጠኛ ሆኖ ነው የጻፈው።

እሷ ግማሹን ተቀብላ ግማሹን መለሰችበት። ታሪኩ ልክ ነው፤ ግን የሚራይ ኮድ ሲታይ በዘፈቀደ አድራሻ ሲመርጥ 10ን፣ 192.168ን እና ሌሎች የውስጥ አድራሻዎችን ሆን ብሎ ይዘላል። የተያዘው ካሜራ የሚያንኳኳው የዓለሙን ኢንተርኔት እንጂ አጠገቡ ያለችውን የኔን ፓይ አይደለም። ስለዚህ ወጥመዷ ዝም ብትል ካሜራዎቹ ንጹሕ ናቸው ማለት አይቻልም። እነሱን ለማወቅ ራውተሩ ላይ ሄዶ ከካሜራዎቹ ተነሥቶ በ23 ወደ ውጭ የሚወጣ ነገር መኖሩን ማየት ነው። እኔም ከውጪው በር ላይ የካሜራዎቹን አድራሻ ዘጋሁ፤ ኢንተርኔት የሚያስፈልጋቸው ነገር አልነበረም። ሰውየው አልተከፋም፤ የኋለኞቹ ዝርያዎች ሁሉ እንደዚያ አይደሉም ብሎ አንድ መስመር ጨመረ። እሷም አልተከራከረችም።

መልስ 6 እና 7

ከቨርጂኒያ የጻፈ ወንድማችን ጥያቄውን በሌላ መልኩ ነው የተረዳው። ኢንተርኔት ላይ ሰርቨር ተከራይቶ በ22 ፖርት ላይ ተመሳሳይ ወጥመድ ቢያስቀምጥ በአንድ ሌሊት በሺህ የሚቆጠር መስመር አገኘ። አድራሻዎቹን በሙሉ ለቅሞ የኮሌጁም ራውተር ላይ እንዲዘጉ ዝርዝሩን ሊልክልኝ ፈለገ።

ሰባተኛው መላሽ ቁጡ ነው። ሁለቱ ወጥመዶች ስማቸው እንጂ ሥራቸው አንድ እንዳልሆነ፣ አደባባይ ላይ ቆሞ የሚያልፈውን ሁሉ መመዝገብና ጓዳ ውስጥ ማን እንደገባ ማወቅ እንደማይገናኙ ጻፈ። እንደ ሾዳን፣ ሴንሲስና ሻዶውሰርቨር ያሉት ድርጅቶች የኢንተርኔቱን አድራሻ በየጊዜው የሚዞሩት ሥራቸው ስለሆነ ነው፤ ጠላት ብሎ መመዝገብ ትርጉም የለውም አለ። የተንቀሳቃሽ ስልክ ኢንተርኔት ላይ ደግሞ ብዙ ደንበኛ በአንድ የውጭ አድራሻ ስለሚወጣ አንዱን ስትዘጋ ያልበደለውን ሁሉ አብረህ ትዘጋለህ። ሐሳቡ ትክክል ነው፤ አነጋገሩ ግን የቨርጂኒያውን ሰው አስከፍቶታል። ሰውየው ለማገዝ ነበር የመጣው። አመስግኜ ዝርዝሩን እንደማልጠቀምበት ገለጽኩለት።

መልስ 8

እንደ አዲስ መቁጠር በጀመርኩ በአሥራ አንደኛው ቀን የመጀመሪያዋ ንኪኪ መጣች። የየመሣሪያው መለያ የሆኑትን ማክ አድራሻዎች ለጥንቃቄ ቀይሬ መስመሩን እንዳለ ለጠፍኩት፦

```
02:14:31 wetmed: IN=eth0 OUT= MAC=00:00:5e:00:53:f0:00:00:5e:00:53:57:08:00
SRC=192.168.88.57 DST=192.168.88.240 LEN=52 TOS=0x00 PREC=0x00 TTL=128
ID=21544 DF PROTO=TCP SPT=49731 DPT=445 WINDOW=8192 RES=0x00 SYN URGP=0
```

ሰዓቱ 02:14 ነው፤ በኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ14። ፕሮግራሟም በዚያው ሰከንድ አንድ መስመር ጽፋለች፤ ስለዚህ ገብቶ ነው የወጣው። ራውተሩ ላይ ስፈልግ .57 የሒሳብ ክፍል ኮምፒውተር ነው። ሌሊት የሒሳብ ክፍሉ ቁልፍ ያለው የጥበቃ ሠራተኛው ብቻ ነው። ያን ቀን ጠዋት ለምክትል ዲኑ ሌሊት ሰው ኮምፒውተሩን ይነካ ነበር ብዬ በቃል ነገርኳቸው። ወደዚህ ነገር በኋላ እመለሳለሁ።

መልስ 9

እሷ መስመሯን ቃል በቃል አነበበችልን፤ ከክሩ ውስጥ ብዙ ሰው ያመሰገነው መልስ ይሄ ነው። `MAC` የሚለው ውስጥ የመጀመሪያዎቹ ስድስት ጥንዶች የኔ ፓይ ናቸው፣ ቀጥለው ያሉት ስድስቱ የላኪው ናቸው፣ የመጨረሻው `08:00` የማንም አይደለም። `TTL` 128 መሆኑ ላኪው ዊንዶውስ እንደሆነና በመካከል ራውተር እንዳልተሻገረ ይጠቁማል፤ አንድ ቢሻገር 127 ይሆን ነበር። `LEN` 52 እና `WINDOW` 8192 አንድ ላይ ሲታዩ ዊንዶውስ 7ን ይመስላሉ። የሒሳብ ክፍሉ ኮምፒውተር ዊንዶውስ 7 ነው።

ከዚያ ግን አስጠነቀቀችኝ። አንዲት ወጥመድ ላይ አንዲት ንኪኪ፣ ሰውየው ቤቱን በሙሉ እየዞረ ይሁን ወይስ እዚህ ብቻ መጥቶ እንደሆነ አትናገርም። ሁለተኛ መሣሪያ መግዛት ሳያስፈልግ እዚያችው ፓይ ላይ ራቅ ያለ ሁለተኛ አድራሻ እንድጨምር ነገረችኝ፦

```
ip addr add 192.168.88.20/24 dev eth0
```

መልስ 10

አንድ ጋሼ፣ ጡረታ የወጡ የኔትዎርክ ባለሙያ እንደሆኑ የጻፉ፣ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፦ .240 ከፓይዋ በፊት የማን ነበር? እሳቸው በሥራ ዘመናቸው ወጥመድ አስቀምጠው የአምስት ሰው ኮምፒውተር ሲያንኳኳ አግኝተው ደንግጠዋል። በኋላ ሲታይ አድራሻው ድሮ የፋይል ሰርቨር የነበረበት ነው፤ ኮምፒውተሮቹ የተነሣውን ሰርቨር ገና እየፈለጉ ነበር።

ይሄ እኔን በቀጥታ ይመለከተኛል። የራውተራችን ዲኤችሲፒ ከፋብሪካ እንደመጣ ከ.10 እስከ .254 ያለውን ሁሉ ያድላል፤ .240ን ለፓይዋ ስሰጥ ከዕደላው አላወጣሁትም ነበር። ማለት ትናንት የማንም ስልክ ወይም ላፕቶፕ ሊሆን ይችላል፤ ነገም ራውተሩ ለሌላ ሰው ሰጥቶት ሁለት መሣሪያ በአንድ አድራሻ ሊጋጩ ይችላሉ። የዚያኑ ቀን .20ንም .240ንም ከዕደላው አወጣኋቸው። የጋሼ ጥያቄ ግን አልተመለሰም፤ ምናልባት የሒሳብ ክፍሉ ኮምፒውተር የድሮ ጓደኛውን ነው የፈለገው።

መልስ 11

በማግስቱ ሁለቱም ተነኩ። .20 በ02:14:07፣ .240 በ02:15:57፤ ሁለቱም ከ.57፣ ሁለቱም በ445። በመካከላቸው 110 ሰከንድ አለ። ከ20 እስከ 240 ደግሞ 220 አድራሻ ነው። ሲካፈል በሰከንድ ሁለት አድራሻ፣ ከታች ወደ ላይ። .20ን በሕይወቱ ማንም ለፋይል ተጠቅሞበት አያውቅም። ስለዚህ የጋሼ ጥርጣሬ ለዚህ ጉዳይ አልሠራም፤ .57 ሙሉውን ኔትዎርክ በተራ እየዞረ ነበር። እሳቸውም ሒሳቡን አይተው ደስ እንዳላቸው ጻፉ።

መልስ 12

እዚህ ላይ ክሩ ጋለ። አንድ ሰው ጥበቃው በአስቸኳይ መጠየቅ፣ ካስፈለገም መታሰር አለበት ብሎ ጻፈ። ሌሎች ሁለት ሰዎች ደገፉት። እኔም ዝም አልኩ፤ ዝም ማለት አልነበረብኝም።

መልስ 13

አሥራ ሦስተኛውን መልስ የጻፈው በትምህርት ቤት ላብራቶሪ የሚሠራ ወጣት ነው፤ እስከዚያ ድረስ ቃል አልተናገረም። ጥያቄው አጭር ነበር። የቆየች ራስበሪ ፓይ ላይ መብራት ሲጠፋ የሚሠራ ሰዓት የለም፤ የፓይዋን ሰዓት ከስልክህ ጋር አስተያይተሃል ወይ አለኝ።

ሄጄ `timedatectl` ብዬ አየሁ። `System clock synchronized: no` ይላል። ከስልኬ ጋር ሳስተያየው ፓይዋ ስድስት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ወደ ኋላ ቀርታለች። ከሦስት ቀን በፊት መብራት ሄዶ ረጅም ሰዓት ቆይቶ ነበር። ፓይዋ ስትነሣ መጨረሻ ካስቀመጠችው ሰዓት ቀጠለች። ብዙ ጊዜ ኢንተርኔት አግኝታ ራሷን ታስተካክላለች፤ እኔ ግን ወጥመድ ናት ብዬ ወደ ውጭ እንዳትወጣ ስለዘጋኋት የሰዓት ሰርቨሮች የሚገኙበትን 123 ፖርትም አብሬ ዘግቼባታለሁ።

እንግዲህ 02:14 ላይ ስድስት ሰዓት ከሃያ ሲጨመር 08:34 ነው። በኛ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ34። የሒሳብ ክፍሏ ሠራተኛ ገብታ ኮምፒውተሯን የምታበራበት ሰዓት። ሁለቱንም ቀን እንደዚያው ነው። ሌሊት ማንም ምንም አልነካም።

ወደ ምክትል ዲኑ ሄጄ ስሕተቱ የኔ መሆኑን ነገርኳቸው። ጥበቃው ገና አልተጠየቀም ነበር፤ ሦስት ሰው ግን ወሬውን ሰምቶ ነበር። ለነሱም ሄጄ ነገርኳቸው።

መልስ 14

እሷ በዚህ ጊዜ አልራራችልኝም፤ ልክ ናት። በሰዓቱ ላይ ያለው ጥፋት ሳያንስ፣ አድራሻ ሰው እንዳልሆነ እያወቅሁ ሰው መጥቀሴን ወቀሰችኝ። የራውተሩ ዕደላ በየጥቂት ደቂቃው ሊታደስ ስለሚችል፣ በተሳሳተ ሰዓት የዕደላውን መዝገብ ብታይ .57 የሌላ ሰው መሣሪያ ሆኖ ይገኝ ነበር። እኔን ያዳነኝ ሎጉ ውስጥ ማክ አድራሻው አብሮ መኖሩ ነው፤ እሱ በሰዓት ላይ አይደገፍም። ያም ቢሆን ለገመድ ኮምፒውተር እንጂ ለስልክ አይሠራም፤ የዛሬ ስልኮች ለየዋይፋዩ የፈጠራ ማክ ይሰጣሉ። የማኩ ሁለተኛዋ ፊደል 2፣ 6፣ A ወይም E ከሆነች የፈጠራ ነው ብላ አስታወሰች።

የላብራቶሪው ወጣት ለምን እንደጠየቀኝ ከዚህ በኋላ ነው የገለጸው። እሱ በሚሠራበት ቦታ አንድ ተማሪ ባልሠራው ስካን ተከሶ ነበር። የሎጉ ሰዓት በዓለም አቀፉ አቆጣጠር ሆኖ ከኛ ሦስት ሰዓት ይዘገያል፤ ያነበበው ሰው እንደ አገር ሰዓት ቆጥሮ በዚያ ሰዓት ወንበሩ ላይ የተቀመጠውን ልጅ ያዘ። ልጁ ነጻ እስኪባል አንድ ፈተና አምልጦታል።

መልስ 15

መልስ 12ን የደገፈ አንዱ ሐሳቡን አዙሮ፣ እንደዚያ ከሆነ .57ን መልሰን እንግባበትና ውስጡን እንየው አለ። መግቢያውንም በሌላ ፕሮግራም እንደሚያሳየኝ ጻፈ። ጋሼ በቁጣ መለሱለት። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ መግባትን ይቀጣል፤ ኮምፒውተሩ የኮሌጁ ነው፣ ፈቃድ ሰጪውም ኮሌጁ ነው፣ በእግር ሄዶ ተቀምጦ ማየት እየተቻለ ሰብሮ መግባት ምን ይሉታል ብለው ጠየቁ። ሰውየው ለጋሼ መልስ ሳይሰጥ ከክሩ ወጣ። በዚህ መሃል ሁለት ሰዎች ስለ ራስበሪ ፓይ ዋጋ መጨዋወት ጀምረው ነበር፤ አሮጌ ላፕቶፕም ሥራውን እንደሚሠራ፣ እንዲያውም ባትሪ ያለው ሰዓት ስላለው እንደሚሻል ተስማሙ።

መልስ 16

ወደ ጉዳዩ የመለሰችን እሷ ናት። ፕሮግራሜ እንግዳውን ተቀብላ ሳታናግረው በሩን ትዘጋለች፤ ምን ሊል እንደመጣ ሳትሰማ። አምስት ሰከንድ ታግሣ የመጀመሪያ ቃሉን እንድትጽፍ ከ`accept()` በታች ያለውን በዚህ ተካሁት፦

```python
    c.settimeout(5)
    try:
        d = c.recv(256)
    except OSError:
        d = b""
    print(time.strftime("%F %T"), a[0], d.hex(), flush=True)
    c.close()
```

በማግስቱ ጠዋት፣ አሁን በተስተካከለ ሰዓት 08:33 ላይ፣ .57 መጣ። ከተናገረው ውስጥ `ff534d42` አለ፤ የድሮው የፋይል መጋሪያ ቋንቋ መለያ ነው። የአዲሱ በ`fe534d42` ይጀምራል። ይህ ብቻውን አያስከስስም፤ ዊንዶውስ 7 ራሱ ሰላምታውን በድሮው ቋንቋ ነው የሚጀምረው። ነገር ግን በዚያው ሰላምታ ውስጥ እችላቸዋለሁ የሚላቸውን ሲዘረዝር የአዲሱን ቋንቋ ስም `SMB 2.002` ይጨምራል። የኛ እንግዳ ዝርዝር ውስጥ አዲሱ ቋንቋ ጭራሽ የለም። እሷ እንዳለችው፣ ዊንዶውሱ ራሱ ሳይሆን ዊንዶውሱ ላይ የተቀመጠ ሌላ ፕሮግራም ነው እየተናገረ ያለው፤ እሱም የሚፈልገው የድሮውን ብቻ ነው።

መልስ 17

ምን ዓይነት ፕሮግራም? እዚህ ላይ እስከ ዛሬ አልተስማማንም። ሰባተኛው፣ ቁጡው መላሽ፣ ዎርም ነው ብሎ ደመደመ። በፈረንጆቹ 2017 ግንቦት ላይ የተነሣው ዋናክራይ የተባለው ዎርም የሚዘዋወርበት ቀዳዳ ያለው በዚሁ በድሮው ቋንቋ ላይ ነው፤ የአካባቢውን አድራሻዎች በ445 የሚዞር ነገርም ነው። ኮምፒውተሩን አይቼ በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ የወጣው MS17-010 የተባለው የዊንዶውስ ማስተካከያ እንዳልተጫነበት አረጋግጫለሁ። ይሄ የሱን ወገን ያጠናክራል።

ቀዳዳ መኖሩ ግን ሌባ ገባ ማለት አይደለም፤ የላብራቶሪው ወጣት እንዳለው። ኮምፒውተሩ ላይ ከዊንዶውስ ጋር አብሮ የሚነሣ የፎቶ ኮፒ ማሽን ፕሮግራም አለ፤ ስካን የሚያስቀምጥበት ማኅደር ያላቸውን ኮምፒውተሮች እየዞረ ይፈልጋል ብሎ ይጠረጥራል። አሮጌ ፕሮግራም ከሆነ የድሮውን ቋንቋ ብቻ መቻሉ አይገርምም። በሰከንድ ሁለት ብቻ መሄዱንም ለዎርም ቀርፋፋ ነው ይላል። ቁጡው መላሽ የፎቶ ኮፒ ፕሮግራም ማሽን የሚፈልገው በ9100 እና በ161 ነው፣ በ445 ምን ይሠራል ብሎ ተከራከረው። እሷ ሁለቱንም አስቆመቻቸው፦ 161 የሚሄደው በዩዲፒ ነው፤ የኔ መስመር የሚመዘግበው ቲሲፒን ብቻ ስለሆነ እስካሁን አለመታየቱ ምንም አያረጋግጥም።

መልስ 18

የመጨረሻው የኔ ነው። ለዩዲፒም ተመሳሳይ መስመር ጨመርኩ፣ የሰዓቱን 123 ለፓይዋ ከፈትኩ። የሒሳብ ክፍሉን ኮምፒውተር ገመድ ነቅዬ ሠራተኛዋን ወደ ሌላ ማሽን አዛወርኩ። ከምክትል ዲኑ ቢሮ ወዲያው ፎርማት ይደረግ የሚል ሐሳብ መጥቶ ነበር፤ እሷና ጋሼ አስቀድመው ስላሳሰቡኝ ሃርድ ዲስኩን አውጥቼ በሌላ አስነሣሁት። ፎርማት ከተደረገ ማን ሲያንኳኳ እንደነበር ለዘለዓለም አይታወቅም። በመጪው ሰኞ የዲስኩን ቅጂ አንሥቼ የፎቶ ኮፒውን ፕሮግራም ብቻውን በተነጠለ ኔትዎርክ ከወጥመዷ ጋር አስነሣዋለሁ። በ445 ዞሮ `SMB 2.002` የሌለበት ሰላምታ ከተናገረ ወጣቱ ልክ ነው። ዝም ካለ ዲስኩን እንፈትሻለን።

ገመዱ ከተነቀለ አራት ጠዋት ሆኗል፤ .20ም .240ም አልተነኩም። ለምክትል ዲኑ በጽሑፍ የሰጠሁት ሪፖርት ላይ እያንዳንዱን ንኪኪ በሦስት ዓይነት ሰዓት አስቀምጬዋለሁ፦ ፓይዋ የጻፈችው፣ የተስተካከለው፣ እና በኛ አቆጣጠር የሚነበበው። የጥበቃ ሠራተኛው ስም የትም ቦታ የለም።